የፊት ክሬሜን ለጉዞ ወደ ትንሽ ዕቃ ልገልብጠው?

ዶክተር፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ ልትወልድ ስለሆነ ለሦስት ወር ዋሽንግተን ልሄድ ነው። ለማድያት የታዘዘልኝ የሃይድሮኪኖን ክሬም፣ የፀሐይ መከላከያና የፊት ሎሽን አለኝ። አምና ክሬሙን ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጬ ይዤው ብሄድ ቡናማ ሆነብኝ፤ ስቀባውም ያቃጥለኝ ነበር። ሎሽኑ ደግሞ ስመለስ ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ ልብሴን አበላሸው። ዘንድሮ እንዴት ልያዛቸው?
ወ/ሮ ሀ.

ወ/ሮ ሀ.፣ ልጅዎን በሽልም ያውጣልን።

ከክሬሙ ልጀምር። እሱን በፍጹም አይገልብጡት። ሃይድሮኪኖን አየር ሲያገኘው ይለወጣል። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። ክሬሙ የሚመጣበት ቲዩብ አፉ ጠባብ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሲጫኑት ጥቂት ይወጣል፣ የቀረው ከአየር ጋር ብዙም አይገናኝም። ወደ አፈ ሰፊ ዕቃ ሲገለብጡት ግን መጀመሪያ ሲያወጡት፣ ቀጥሎም ክዳኑን በከፈቱ ቁጥር አየር ያገኘዋል። ነጭ የነበረው መጀመሪያ ክሬም ቀለም ይይዛል፣ ከዚያ ማኪያቶ ይመስላል፣ በመጨረሻም ይጠቁራል። ማኪያቶ ከመሰለ ይጣሉት። መድኃኒቱ ደክሟል፤ የተለወጠው ነገርም ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። የአምናው ማቃጠል ከዚያ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ትኩስ ሃይድሮኪኖንም ቢሆን አንዳንድ ሰው ላይ ያቃጥላልና፣ አዲሱን ቲዩብ ሲጀምሩም ካቃጠለዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ደግሞስ ለምን ይገለበጣል? በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽም ሆነ ክሬም ዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። የእርስዎ ቲዩብ 30 ግራም ከሆነ በቀላሉ ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፈታሾቹ የሚያዩት ዕቃው ምን ያህል እንደሚይዝ እንጂ ውስጡ የቀረውን አይደለም። ባለ 200 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ ጠብታ ብቻ ቢቀርም ይከለከላል።

ቲዩቡን ከነካርቶኑና ከነማዘዣ ወረቀቱ በእጅ ሻንጣዎ ይያዙት። አሜሪካ ውስጥ ሃይድሮኪኖን ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ሻንጣዎ ቢዘገይ ወይም ክሬሙ ቢበላሽ ሱቅ ገብተው አይተኩትም። እዚያ ከደረሱም በኋላ በበጋ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት።

የፀሐይ መከላከያውም በራሱ ዕቃ ይሂድ። ክፍሎቹ በእኩል ተደባልቀው ካልቆዩ ፊት ላይ እኩል አይሸፍንም፤ ለማድያት ደግሞ ያልተሸፈነች ትንሽ ቦታ ብቻ ትበቃለች። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ቢገዙ ችግሩ ያልቃል።

መገልበጥ የሚቻለው ሎሽኑን ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚጠነቀቀው ለቆሻሻ ነው፤ እኔ የበለጠ የምፈራው ግን ውሃ ነው። ሎሽን ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይበቅል የሚከላከል ነገር ይጨመራል። መጠኑ የተለካው ለሎሽኑ ብቻ ነው። ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ብልቃጥ ግድግዳ ላይ የቀሩ ጠብታዎች ያቀጥኑታል፤ እርጥበት የሚወዱ ባክቴሪያዎችም ከዚያ ይጀምራሉ። አይታዩም። ሽታው ሲለወጥ፣ ውሃና ቅባቱ ሲለያይ ወይም ፊትዎ ላይ መግል ያዘሉ ትንንሽ ብጉሮች ሲወጡ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ከመሄድዎ ሁለት ቀን አስቀድመው ይጀምሩ። ከመርካቶም ሆነ ከፒያሳ ሱቆች ሲገዙ አፈ ሰፊውን ይተዉና ለስለስ ያለ፣ ሲጫኑት የሚታጠፍ፣ ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ ብልቃጥ ይምረጡ። ጣት አይገባበትም፤ ከፍተው ሲጨምቁት ብቻ ነው የሚወጣው። በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት፤ ፈልቶ በበረደ ውሃ ያለቅልቁት። ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ውስጡ አንቀሳቅሰው ይድፉት። ክዳኑንም እንዲሁ። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ገልብጠው እስከ ማግስቱ ይተዉት። በጨርቅ አይወልውሉት፤ ያጸዱትን መልሰው ያቆሽሹታል። ሲደርቅ እጅዎን ታጥበው ሎሽኑን በቀጥታ ያፍስሱ፤ ስሙንና የገለበጡበትን ቀን ይጻፉበት። እኔ ለታካሚዎቼ የተገለበጠ ሎሽን በአንድ ወር ውስጥ ይለቅ እላለሁ። ሲያልቅ ከላዩ አይጨምሩበት፤ እንደገና ታጥቦና ደርቆ ነው የሚሞላው።

አውሮፕላን ውስጥ አየሩ በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ቆዳ ሲደርቅ ሃይድሮኪኖን ይበልጥ ስለሚያቃጥል በበረራ ላይ አይቀቡት። ሎሽኑ ይበቃል፤ ከመቀባትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ ወይም ሳኒታይዘር አድርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። መስኮት አጠገብ ከተቀመጡ ቀን ቀን መጋረጃውን ዝቅ ያድርጉት፤ ማድያትን የሚያባብስ ብርሃን በመስኮቱ ያልፋል።

አሁን የፈሰሰው ሎሽን። ሲሄዱ ሳይፈስ ሲመለሱ መፍሰሱ ድንገት አይደለም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ እዚህ የከደኑት ብልቃጥ ወደ ላይ ሲወጣ ብዙ አይሰማውም። ዋሽንግተን ሲያርፉ ጎኑ ገባ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ የታች አየር ተጭኖት ነው፤ ሲከፍቱት ይመለሳል።

ሲመለሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዋሽንግተን ለባሕር ጠለል ቅርብ ናት። በግማሽ የሞላ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ እዚያ ከከደኑ፣ ውስጡ 50 ሚሊ ሊትር አየር አለ። አውሮፕላኑ ሲወጣ ያ አየር ሰፍቶ ወደ 66 ሚሊ ሊትር መድረስ ይፈልጋል። ብልቃጡ ሻንጣ ውስጥ ከተዘቀዘቀ አየሩ ሎሽኑን በክዳኑ በኩል ይገፋዋል። ወደ ዕቃ ክፍል የሚገባው ሻንጣም ከዚህ አያመልጥም፤ የዚያ ክፍል ግፊትም ተመሳሳይ ነው።

መፍትሔው አየሩን ማስወጣት ነው። ለስላሳ ብልቃጥ ይሻላል ያልኩትም ለዚህ ነው። ከመመለስዎ በፊት ብልቃጡን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ሎሽኑ አፉ ድረስ እስኪመጣ ጎኑን ይጫኑት፤ እንደተጫኑት ይክደኑት። ተጨማድዶ ይቀራል፤ ሲወጣ አየሩ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። ለማንኛውም ዚፕ ባለው ፌስታል ያድርጉትና ከልብስ ይለዩት።

ሃይድሮኪኖኑን ደግሞ ሦስት ወር ካለፈ በራስዎ አይቀጥሉ። ሲረዝም አንዳንድ ሰው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያመጣል፤ ያ ደግሞ ከማድያቱ በላይ ለማከም ያስቸግራል። ሲመለሱ የቀረውን ቲዩብ ይዘው ላዘዘልዎት ሐኪም ያሳዩ።