ለሥራ የሚሆን ሚኒባስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ለትራንስፖርት ሥራ መኪና ስለመግዛት ናቸው። አምስቱን መርጬ መልሻለሁ።

«ከሾፌሩ ሌላ 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ አግኝቻለሁ። ሻጩ ከኋላ አንድ ረድፍ ጨምሬ 15 አደርግልሃለሁ ይላል። ገቢዬ በሩብ ሊያድግ ነው። ልስማማ ወይስ ይቅር?»

ይቅርብህ። ምክንያቱን በሚዛን ላሳይህ።

ብዙ መኪናዎች ላይ በሾፌሩ በር መቃን ወይም ሞተሩ አካባቢ ትንሽ ሰሌዳ አለች። መኪናው ከነጭነቱ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት ይጻፍባታል። ካላገኘሃት የመኪናው ወረቀት ላይ ፈልግ። ቁጥሩ 2,950 ነው እንበል። አሁን ነዳጅ ሞልተህ፣ ሾፌሩን አስቀምጠህ፣ ባዶውን መኪና የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አውጣው። 2,010 መዘነ እንበል። ለተሳፋሪ የቀረህ 940 ኪሎ ነው። አንድን ሰው ከያዘው ቦርሳ ጋር 75 ኪሎ ብንለው፣ 12 ሰው 900 ኪሎ ይሆናል። 40 ኪሎ ተረፈህ። 15 ሰው ግን 1,125 ኪሎ ነው። አንድ ሻንጣ ሳትጭን ከልኩ 185 ኪሎ አለፍክ።

የባሰው ነገር ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.57 ሜትር ቢሆን፣ አዲሱ ረድፍ ደግሞ ከኋላ ጎማ 80 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ቢወጣ፣ ሦስቱ ሰዎች 225 ኪሎ ሆነው ሳለ የኋላ አክስል ላይ ወደ 295 ኪሎ ገደማ ይጨምራሉ። ትርፉ 70 ኪሎ ከፊት የተነሳ ነው። ልክ እንደ ሚዛን እንጨት፣ ከኋላ ሲጫን ፊቱ ይነሳል። ሾፌሩ መሪው እንደቀለለው ያውቃል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ የፊት ጎማዎች ቶሎ ይንሸራተታሉ። ባሌስትራው ይተኛል። የኋላ ኩሽኔታ ያለ ጊዜው መጮህ ይጀምራል።

ጎማውንም እይ። ጎማው ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅሙን ይናገራል። 106 ከሆነ አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል። 91 ከሆነ ግን 615 ኪሎ ብቻ። ይህ የቤት መኪና ጎማ ነው። በርካሽ ስለሚገኝ ሚኒባስ ላይ ተገጥሞ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ውስጡ ላሉት ሰዎች እፈራለሁ።

15 ሰው የግድ ካስፈለገህ ከፋብሪካው ረጅም ሆኖ የተሠራውን ግዛ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቶዮታ ሃይስ ትውልድ በ2.57ም በ3.11 ሜትር የጎማ ርቀትም ተሠርቷል። ረጅሙ ላይ የኋለኛው ረድፍ ወደ ጎማው ስለሚቀርብ ክብደቱ በተሻለ ይከፋፈላል። እዚያም ቢሆን ሚዛኑን አትዝለል።

«ለሱቆች ዕቃ የማድረስ ሥራ ልጀምር ነው። ትንሿ ባለ 660 ሲሲ ቫን ትበቃኛለች? በቀን ወደ 600 ኪሎ አመላልሳለሁ።»

እህቴ፣ ወሳኙ ነገር 600ው ኪሎ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ተከፋፍሎ የሚለው ነው። እንደ ሱዙኪ ኤቭሪና ዳይሃትሱ ሃይጄት ያሉት ቫኖች በተሠሩበት በጃፓን ደንብ ቢበዛ 350 ኪሎ ነው የሚጭኑት። በሁለት ምልልስ 300፣ 300 አድርገሽ የምትወስጂው ከሆነ፣ መንገዱም ጠባብና አጭር ከሆነ፣ ከዚህች የሚሻል አይገኝም። የትም ትገባለች፣ የትም ትቆማለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች። 600ውን በአንዴ ካልሽ ግን መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ፣ ቀጥሎ የኋላ ኩሽኔታው ይሄዳል። ዳገት የሚበዛበት መንገድ ከሆነ ለ350ውም ቢሆን አታምኛት።

«ናፍጣ ይሻላል ቤንዚን? አንዱ መካኒክ ናፍጣ ይለኛል፣ ሌላው ኢንጀክተሩ ያስለቅስሃል ይለኛል። ግራ ገባኝ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚለያያቸው በቀን የምትነዳው ኪሎሜትር ነው። እኔ ይህን ሒሳብ የምሠራው በሊትር ነው፤ ዋጋ ሲለዋወጥ ሒሳቡ አይበላሽብኝም።

በቀን 160 ኪሎሜትር፣ በወር 26 ቀን ትሠራለህ እንበል። በወር 4,160 ኪሎሜትር ነው። ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር ሞልቶ እየቆመ እየተነሳ ሲሠራ በ100 ኪሎሜትር 14 ሊትር ቢጠጣ፣ ባለ 2.5ቱ ናፍጣ ደግሞ 10 ቢጠጣ፣ ልዩነቱ በወር 166 ሊትር ነው። በዓመት ወደ 2,000 ሊትር ይጠጋል። አሁን አራቱን ኢንጀክተር መቀየር ስንት እንደሚያስወጣ ጋራዥ ጠይቅና በአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ አካፍለው። 900 ሊትር ሆነ እንበል። ናፍጣው ይህን ወጪ በአምስት ወር ተኩል ይመልሰዋል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ኢንጀክተር ብትቀይር እንኳ አትራፊ ነህ።

በቀን 60 ኪሎሜትር ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱ በወር 62 ሊትር ነው። ያው 900 ሊትር ከአሥራ አራት ወር በላይ ይፈጅብሃል። ላይ ላዩ የዘይት፣ የፊልትሮና የተርቦ ወጪ ሲጨመር ቤንዚኑ ይሻልሃል። ቁጥሮቼን እንዳለ አትውሰድ። ባለቤቱ «ይህን ያህል ይጠጣል» ያለህንም አትመን። አንድ ቀን ታንኩን ሙላ፣ ሙሉ ቀን ሥራበት፣ ማታ መልሰህ ሙላና የገባውን ሊትር በሄድክበት ኪሎሜትር አካፍል። የሁለቱ ነዳጅ ዋጋ የሚለያይ ከሆነ ሊትሩን በየዋጋው አባዛው።

የኢንጀክተሩ ስጋት ከየት እንደመጣም ልንገርህ። እንደ 5ኤል ያለው የድሮ ናፍጣ ሞተር ፓምፑ በሜካኒክ የሚሠራ ስለሆነ መጥፎ ነዳጅ ይታገሣል። ጉልበቱ ግን አነስተኛ ነው። እንደ 2ኬዲ ያለው አዲሱ ሞተር ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። እዚህ ግፊት ላይ ጥቂት ውኃ ወይም ደቃቅ አቧራ ኢንጀክተሩን ይበላዋል። መከላከያው የነዳጅ ፊልትሮውን በጊዜው መቀየርና ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ነው።

ከዚያ የከፋ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ችግር አለ። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስትላላ፣ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ሞተሩ ዘይት ይሾልካል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይጠቁርና ይወፍራል። ከዚያ ከታች የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ያልደረሰው ሞተር ደግሞ ይነክሳል። የዘይት ክዳኑን ስትከፍት ከውስጥ በኩል ጥቁር እንደ ካራሜል የጠነከረ ነገር ካየህ፣ ወይም ጠዋት ስታስነሳ የዘይቱ መብራት ለመጥፋት ከወትሮው ከዘገየ፣ ያን ቀን ሥራ አትውጣ። ቀለበቶቹ ርካሽ ናቸው፣ ሞተር ግን አይደለም።

«8 ዓመት የሠራ ሚኒባስ ቆጣሪው 90,000 ኪሎሜትር ያሳያል። የቀድሞ ባለቤቱ ጥሩ ሰው ይመስላል። ልመነው?»

ቆጣሪውን አትመኑ። ቀደም ብለን ባሰብነው ሥራ አንድ ሚኒባስ በዓመት 50,000 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። 90,000 የሁለት ዓመት ሥራ እንኳ አይሞላም። መኪናው በእርግጥ የቆመበት ጊዜ ካለ ባለቤቱ ማስረዳት አለበት።

ሰው ሊደብቀው የማይችለውን ቦታ ይዩ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ልሙጥ ከሆነ፣ የተንሸራታቹ በር ሩሎዎች ተበልተው በሩ ሲዘጋ ወደ ታች የሚያዘነብል ከሆነ፣ የመሳፈሪያው ደረጃ ብረት ከተፈገፈገ፣ ያ መኪና ብዙ መቶ ሺህ ኪሎሜትር አይቷል። ሚኒባስ ላይ በሩ ከሞተሩ በላይ ይናገራል፤ በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደሚከፈት አስቡት።

ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይድረሱ። ለሻጩ «እስክመጣ እንዳታስነሳው» ይበሉትና ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። እኔ አንድ ጊዜ ሞቆ የጠበቀኝን ገዝቼ፣ በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጭስ ግቢውን ሲሞላው ነው ምን እንደገዛሁ የገባኝ። ቀዝቃዛውን ሲያስነሱት የዘይት ክዳኑን ከፍተው ይተዉት። ጥቂት ትንፋሽ ያለ ነው። በተከታታይ እየገፋ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፒስተኑና ፋሻው ደክመዋል። እንደተነሳ ወዲያው የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ የሚደነድን ከሆነ ደግሞ ጋርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ፤ ውኃው ገና ሳይሞቅ ግፊት ሊኖረው አይገባም።

የታይሚንግ ቺንጊያው የተቀየረበትን ወረቀትም ይጠይቁ። እንደየሞተሩና እንደየአገሩ መመሪያ ጊዜው በ100,000 እና በ150,000 ኪሎሜትር መካከል ነው። ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው የመቀየሪያውን ዋጋ ከግዢው ላይ ያስቀንሱ።

«የዕቃ ቫን ገዝቼ ወንበር አስገጥሜ ሰው ብጭንበትስ? ዋጋው በጣም ይለያያል።»

ይለያያል፣ ግን ምክንያት አለው። የመንገደኛ ሚኒባስ ወለል ወንበሩና ቀበቶው በሚታሰርበት ቦታ ወፍራም ብረት አለው። የዕቃ ቫኑ ላይ ብዙ ጊዜ ስስ ላሜራ ብቻ ነው። ብሎን በስስ ላሜራ ላይ ሲታሰር ለቀን ተቀን ጉዞ ይይዛል። መኪናው ሲጋጭ ግን ብሎኑ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል፣ ወንበሩም ከነሰዎቹ ወደ ፊት ይበራል። ይህን ለማወቅ ከሥር ግባና ብሎኖቹ የት እንደወጡ እይ። ከወለሉ በታች ሰፊ የብረት ሳህን ከሌለ፣ ወይም ብሎኑ ሻንሲውን ካልነካ፣ መኪናው ለሰው አልተሠራም። ተገጥሞ የሚሸጥ ካገኘህም ያው ምርመራ ነው፤ ምንጣፉን አንሳ፣ ከሥር ግባ፣ ከዚያ ስለ ዋጋው አውራ።