ድርጅታችሁ ስንት ዓመቱ ነው?

ባለፈው ሰሞን የወዳጄ ልጅ ደወለችልኝ። በአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። አለቃዋ ከሎጎው ሥር የምሥረታ ዓመት አስገቢ ብሏታል። «ጋሼ፣ ካምፓኒው የተመዘገበው በ1998 ነው። ፋብሪካው ግን ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ነበር፤ ከሰውየው በፊትም የሌላ። ከየቱ ልቁጠር?» አለችኝ። ቀጠለችና «ንግድ ባንክ እንኳ ከ1935 ጀምሮ ይላል፤ ንግድ ባንክ የተባለው ግን በ1956 ነው አይደል?» አለች።

የዛሬ ልጆች ብዙ ጊዜ ጉግል ላይ የመጣውን የመጀመሪያ ቁጥር ገልብጠው ያልፋሉ። ይቺ ግን ሁለት ቁጥር አግኝታ ግራ ገባት። ግራ መግባቷ ደስ አለኝ። የኖርኩት በኦዲተርነት ነውና ጥያቄዋ አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን የባንኩን ነገር ልጨርስ፤ ለዚህ ጥያቄ ከሱ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በ1897 አፄ ምኒልክ ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ የ50 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። በ1898 የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ። ባንኩ የውጭ ባለአክሲዮኖች ነበሩት፤ የሚመራውም ከካይሮ ነበር። በ1923 አፄ ኃይለ ሥላሴ ያን ባንክ አስዘግተው የኢትዮጵያ ባንክን በአዋጅ አቋቋሙ። አዲሱ ባንክ የአሮጌውን ሕንፃም ሠራተኞቹንም ወሰደ። ሥራ አስኪያጁ ኮሊየር እንኳ በቦታው ቀጠለ። በጠዋት ገንዘብ ሊያስቀምጥ ለመጣ ደንበኛ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በሕግ ዓይን ግን አንዱ ሒሳቡ ተጣርቶ ሞቷል፣ ሌላው ተወልዷል።

ጣልያን በ1928 ሲገባ ያም ባንክ ተዘጋ። ከነፃነት በኋላ፣ ኅዳር 1935፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሥራ ጀመረ። (በፈረንጅ ብትቆጥሩት አዋጁ በ1942፣ ሥራው በ1943 ይውላል። አንዱ ጽሑፍ 1942፣ ሌላው 1943 ቢላችሁ የግድ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አደገኛው 1935ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ማንበብ ነው፤ ባንኩን ከጣልያን ወረራ በፊት ያስወልዳችኋል።) ይህ ባንክ የብሔራዊ ባንክንም የንግድ ባንክንም ሥራ አንድ ላይ ይዞ ኖረ። በ1956 ለሁለት ተከፈለ። ገንዘብ ማተሙና ቁጥጥሩ ለብሔራዊ ባንክ፣ ተቀማጩና ብድሩ ለንግድ ባንክ ሄደ።

እንግዲህ የንግድ ባንክ ዕድሜ ስንት ነው? እንደ ሕግ ሰውነት ከሆነ ልደቱ 1956 ነው። ግን ደንበኞቹ፣ ሒሳባቸው፣ ብድሩ፣ ቅርንጫፎቹ ሳይቋረጡ ከመንግሥት ባንክ ተላልፈዋል። በ1950 ደብተር የከፈተ ሰው ገንዘቡን በ1957 የሚጠይቀው ንግድ ባንክን ነው። ስለዚህ ወደ 1935 መመለሱ ያስኬዳል። ከዚያ ወዲያ ግን አይሄድም። በ1928 እና በ1935 መካከል ክፍተት አለ፣ ዕዳና መብት ያሻገረ ድልድይ የለም።

ወደ ጎን የሚጎትት ፈተናም አለ። ንግድ ባንክ በደርግ ዘመን አዲስ ባንክን ዋጠ። አዲስ ባንክ ራሱ የተፈጠረው ከተወረሱት የግል ባንኮች ሲሆን፣ በውስጡ የባንኮ ዲ ሮማና የባንኮ ዲ ናፖሊ የእዚህ አገር ሥራ ነበረበት። በ2008 ደግሞ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክን ጠቀለለ። ሽማግሌ የዋጠ ሽማግሌ አይሆንም። ዕድሜ የሚቆጠረው በዋጪው ሐረግ ነው።

ስምን ደግሞ ጨርሶ አትመኑ። የዛሬው አቢሲንያ ባንክ የተቋቋመው የካቲት 1988 ነው፤ የምኒልኩ አቢሲንያ ባንክ ከተከፈተ ልክ 90 ዓመት በኋላ። ቀኑም ስሙም ታስቦ የተመረጠ ነው። ሆኖም የቀድሞው ጠፍቶ የቀረ መሆኑን ባንኩ ራሱ ይናገራል፤ ዕድሜውን ከ1988 ይቆጥራል። ይህን አከብራለሁ።

አሁን ወደ ቁጭቴ።

በ1993 አንድ ማተሚያ ቤት የዓመቱን ሒሳብ እንድመረምር ጠራኝ። ስሙ ይቅር። ባለቤቶቹ የ60ኛ ዓመት በዓል ሊያከብሩ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ። በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ» ይላል። በ1933 ማተሚያ ቤቱን የከፈተው አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። በ1951 ለሁለት ነጋዴዎች ሸጠው። በ1985 አሁን ያሉት ሰዎች ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው ከነጋዴዎቹ ገዙት። የሽያጭ ውሉን አነበብኩት። ማሽኖቹ፣ የእርሳስ ፊደሎቹ፣ ወረቀቱ በዝርዝር ተሽጠዋል። ከዚያ አንድ አንቀጽ አለ፤ ከሽያጩ በፊት የነበረ ዕዳ ገዢውን አይመለከትም ይላል። ስለዚህ ውሉ የሸጠው ዕቃ ነው፤ ድርጅት አልሸጠም። በወረቀት ያ ማኅበር የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

ፎርማኑን ያገኘሁት የታችኛው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አሮጌ ሃይደልበርግ ማሽን አጠገብ ቆሞ ዘይት ያጠጣል። የእንጨቱ ወለል እሱ በሚቆምበት ቦታ ጎድጉዷል። የተቀጠረው በ1962 በፊደል ለቃሚነት ነው። እርሳሱን ሲለቅም የኖረበት የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ቀርቷል። የማሽኑን የብረት ሰሌዳ አሳየኝ፤ የተሠራበት ተከታታይ ቁጥር ተመትቶበታል። ባለቤቶቹ ያን ቁጥር ለበዓሉ መጽሔት ማስረጃ ሊያደርጉት አስበው ነበር። ማሽን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጥ ዕቃ ነው። የማሽኑን እንጂ የድርጅቱን ልደት አይናገርም።

በዚያው ወር ድርጅቱ ኮምፒውተር አስገብቶ ሠራተኛ ሊቀንስ ነበር። ፎርማኑ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ከስንብት ክፍያው በአገልግሎት ዘመን የሚታሰበው ክፍል የተሰላበትን ወረቀት አየሁት። በጊዜው በነበረው የ1985ቱ አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም የ10 ቀን ይታሰባል። ከ1985 ጀምረው ስምንት ዓመት ቆጠሩለትና 100 ቀን ሆነ። ከ1962 ቢቆጠር 31 ዓመት ነው፤ 330 ቀን ይሆን ነበር።

ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ጌታዬ፣ ድርጅቱ ስድሳ ዓመቱ ከሆነ እኔ እንዴት ስምንት ዓመቴ ሆነ?» አለኝ።

ትክክል ነበር። አዋጁ ባለቤት ሲለወጥ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል፤ አሁን ያለው የ2011ዱ አዋጅም እንዲሁ ይላል። ነጋዴዎቹ ሲሸጡ ለሠራተኞቻቸው የስንብት ሒሳብ ከፍለው ቢሆን ኖሮ ከዜሮ መጀመር ይቻል ነበር። አልከፈሉም። ሠራተኞቹ ዓርብ ከአንዱ ባለቤት ወጥተው ሰኞ ለሌላው ገቡ። ጉዳዩን ለባለቤቶቹ በጽሑፍም በቃልም ነገርኳቸው። «ከ1962 መቀጠሩን የሚያሳይ ወረቀት ያምጣ» አሉ።

ወረቀቱ የነጋዴዎቹ የደመወዝ መዝገብ ነበር። ትልልቅ፣ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው መዝገቦች፤ በየወሩ ስም፣ ደመወዝ፣ ፊርማ። ምድር ቤት ለዓመታት ተቀምጠው ነበር። እኔ ከመድረሴ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ለበዓሉ ቦታ ይጽዳ ተብሎ ቆራሌው በኪሎ ወስዷቸዋል። የሠራተኞቹን የድሮ አገልግሎት የሚያስረዳው ብቸኛ ሰነድ ለስልሳኛው ዓመት በዓል ሲባል ተሸጠ። ምስክር ማቅረብ ይቻል ነበር። ፎርማኑ ግን ፍርድ ቤት መመላለሱን አልፈለገም። 100 ቀኑን ተቀብሎ ወጣ። ያ መዝገብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የድርጅት ዕድሜ ስጠየቅ መጀመሪያ የማየው ሰሌዳውን አይደለም። ዕዳውን ማን ወረሰ? የሠራተኛው አገልግሎት ከመቼ ይቆጠራል? እነዚህ ሁለቱ ወደ ኋላ የሚሄዱበትን ያህል ዕድሜውም ይሄዳል። ቅድም በ«ሕግ ሰውነት» ብቻ የምቆጥር መስያችሁ ከሆነ፣ አይደለም። የማተሚያ ቤቱ ወረቀት 1985 ይላል። ያ የጎደጎደ ወለል ግን በስምንት ዓመት አልጎደጎደም። ባለቤቶቹ 1933ን ሰሌዳ ላይ መጻፋቸው አይደለም ያናደደኝ። ያንኑ ዓመት ደመወዝ መክፈያው ላይ መካዳቸው ነው።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህን ነው። መጀመሪያ የማኅበሩን የመመሥረቻ ጽሑፍና የንግድ ምዝገባውን አውጪ፤ 1998 የሚለው ከዚያ ነው የመጣው። ዓይነቱን ብቻ ቀይሮ፣ ከግል ማኅበር ወደ አክሲዮን ማኅበር ዞሮ ከሆነ ግን አዲስ ልደት አይደለም፤ ወደ ቀድሞው ምዝገባ ሂጂ። ቀጥሎ የሽያጭ ውሉን ፈልጊ፤ የዕዳውን አንቀጽ አንብቢ። መንግሥት ያቋቋመው ድርጅት ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣው ላይ «መብትና ግዴታ ተላልፏል» የሚል አንቀጽ አለ ወይ ብለሽ እዪ። ነጋሪት ጋዜጣ መፈለግ ለዛሬ ልጆች ቅጣት ይመስላቸዋል፤ እኔ በወጣትነቴ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ሄጄ አንድ አዋጅ መግዛት እንደ ሽርሽር ነበር የማየው። ከዚያ በሥራ ላይ ክፍተት እንዳለ አጣሪ፤ ፋብሪካው ተዘግቶ የቆየበት ዓመት ካለ ጻፊው።

ሐረጉ ዕቃ ብቻ የተሻገረበት ከሆነ ሁለት ዓመት ማስቀመጥ ይቻላል። «ፋብሪካው ከዚህ ዓመት፣ ማኅበሩ ከ1998 ጀምሮ» ብትል ማንም አይከሳትም። አለቃዋ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው ካላት 1998ን ትጻፍ።

የድሮ ደመወዝ መዝገብ መኖሩን ጠይቄያት ነበር። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሙሉ አለ አለችኝ። ሰኞ ጠዋት እንድታስቆልፍበትና ዝርዝሩን ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግልባጭ እንድትሰጥ ነግሬያታለሁ።