ስድሳ ብር ያተረፍኩለት ሹፌር

ባለፈው ሳምንት አንድ ረዳቴ ሚኒባስ ስር ተኝቶ የሞተሩን የዘይት መያዣ፣ የኮፓውን ቡሎን እየፈታ፣ «ጋሼ፣ ደንበኛው ራሱ ርካሹን ዘይት ካለ እኛ ምን አገባን?» አለኝ። መልሱን ወዲያው ማግኘት ነበረብኝ። ዝም አልኩት። ለሱ ያልመለስኩትን ለእናንተ ልጻፈው።

1996 ዓ.ም ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ጋራዥ ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ለቀብር መራዊ ሄደው ጋራዡን ለኔ ትተውልኛል። ከደብረ ታቦር የሚመላለስ ሹፌር፣ የመኪናውም ባለቤት፣ ዘይት ሊቀይር መጣ። ጋሼ የሚያደርጉለት 15ደብሊው-40 የሚባለው ዘይት ሊትሩ 22 ብር ነበር፤ ከበርሜል የሚቀዳው ተራ 40 ግን 12 ብር። ሞተሩ ስድስት ሊትር ገደማ ይወስዳል። ሹፌሩ «ልዩነት አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ሆኜ «ዘይት ዘይት ነው» አልኩት። ስድሳ ብር አተረፍኩለት። ፊልትሮውንም «ገና ነው» ብዬ አሳለፍኩት።

ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ጋሼ ሥራ ይዘው ስለነበር ያንኑ ዘይት እኔው ቀየርኩለት። በሁለተኛው ጊዜ የዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ ሊቮውን መዝዞ አሳየኝ። «አየኸው? ያኛው በሳምንቱ ይጠቁር ነበር፤ ይሄ እስካሁን ንጹሕ ነው!» ሁለታችንም ደስ አለን።

ከሦስተኛው ቅያሪ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር፤ ሲሞቅና እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ደግሞ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ጋሼ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና «አጥፋው!» አሉ። ከዚያ ከሊቮው አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥበው ወረቀቱን መስኮት ላይ አኖሩት። «ምሳ በልተን እናየዋለን» ብለው ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ። ቀረሶ ተጠብሶ በላን፤ ስለ ዘይት አንዲት ቃል አልተናገሩም። (የዛሬ ልጆች እንዲህ ቢደረጉ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ያያሉ። እኔም የዚያን ዕለት ስልክ ቢኖረኝ አይ ነበር፤ ፍርሃቱ አይጣል ነው።)

ስንመለስ ጠብታው መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሠርቶ ዙሪያው ነጣ ያለ ቀለበት ሆኗል። ጋሼ የደህናውን ዘይት ጠብታ ከሌላ መኪና አምጥተው አጠገቡ አደረጉ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያ ወረቀቱ ላይ እኩል ግራጫ ሆኖ ተንሰራፋ። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመጣል። ደህናው ዘይት የሚያጥብ ንጥረ ነገር ስላለው ጥላሸቱን ተሸክሞ ይዞራል፤ ቶሎ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው፤ ከቅያሪው ጋር ይወጣል። ርካሹ ግን አይሸከምም። ጥላሸቱን ኮፓው ላይ እየጣለ ራሱ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ያ ያስደሰተን ንጽሕና ማለት ነው።

ኮፓውን ስናወርድ ጥቁር ገንፎ የመሰለ ነገር የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ሸፍኖታል። ደብረ ታቦር አድሮ በብርድ ሲነሳ ደግሞ በብርድ የሚወፍረው ተራው 40 በተረፈችው ቀዳዳ ፈጥኖ ማለፍ አልቻለም። ፒስተኑን የሚይዘውን የቢየላውን ብሮንዚን፣ ዘንግ የሚዞርበትን ስስ ብረት፣ ስንፈታ ግራጫው ሽፋን ተበልቶ የመዳቡ ቀለም ወጥቷል። የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ኮሎው፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሩብ ሚሊ ሜትር ተላገ፣ በልኩ ወፈር ያለ ብሮንዚን ገባ። የዕቃና የቶርኖ ሂሳብ 2,800 ብር። መኪናው 11 ቀን ቆመ፤ በቀን ከወጪ ቀሪ 150 ብር ያገኝ ነበርና 1,650 ብር። በጠቅላላው 4,450 ብር፤ በሦስት ቅያሪ ያተረፍኩለት 180 ነው።

ርካሽ ሁሉ ግን መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጋሼ ራሳቸው ዘይት የሚበላ፣ ያረጀ ሞተር ላይ ተራውን 40 ያደርጉ ነበር። ውድ ቆርቆሮ ውስጥ የተጣለ ዘይት ሞልቶ የሸጠም አጋጥሞኛል። ዋጋውን ትቼ የምመለከተው ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍና ክዳኑ አለመከፈቱን ነው። ለናፍጣ ምልክቱ በ«ሲ» ይጀምራል፣ ለቤንዚን በ«ኤስ»።

ጋሼ «ማነው ይሄን ያደረገው?» ሲሉ «እሱ ራሱ ነው ርካሹን ያለው» አልኩ። ሹፌሩ ሰምቶኛል። አንገቱን ደፋ እንጂ አላስተባበለኝም። ጋሼ የጉልበት አላስከፈሉትም፤ እኔንም አልተቆጡም።

ከወር በኋላ ዘይት ሊቀይር መጣ። አዲስ ቆርቆሮ ይዤ ወጣሁ። ከእጄ ተቀብሎ ክዳኑን አገላብጦ አየ፣ ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ ፊደል በፊደል አነበበ፤ ከዚያ «ጋሼ አሉ?» አለኝ።