4 ጊጋው ካርድ ከ2 ጊጋው ሲያንስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ከቢሮ የወጣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፤ ራሙ 16 ጊጋ ነው። በቅርቡ ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁለት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ ከለር ስሠራ ግን ይንቀራፈፋል፣ ይቆራረጣል። ባለሱቁ “ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ባለ 2 ጊጋ አለኝ፣ ትንሽ ጨምረህ ቀይር” አለኝ። ገንዘብ ጨምሬ ከ4 ወደ 2 ልውረድ? እየሸወደኝ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ አልሸወደህም። እኔ ብሆን እቀይረው ነበር። ግን መጀመሪያ ችግሩ እውነት ከካርዱ መሆኑን እንይ። ካርድ ቀይሮ ያው መቆራረጥ ከቀጠለ ገንዘብህ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 4 ጊጋ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካርዱ በአንዴ ምን ያህል ዳታ እንደሚይዝ። ቺፑ ያንን ዳታ በሰከንድ ስንት ማንበብና መጻፍ እንደሚችል አይነግርህም። ይህ ሁለተኛው ነገር ባንድዊድዝ ይባላል። ካርቶኑ ላይ ወይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል፣ ወይ ጭራሽ የለም። አንተ የምትቀርጽበትን አዳራሽ አስበው። ሺህ ወንበር ይኑረው፤ በሩ አንድና ጠባብ ከሆነ እንግዳው ገብቶ እስኪያልቅ ምሳው ይበርዳል።

ባንድዊድዙን ራስህ ማስላት ትችላለህ። ሁለት ቁጥር ነው የሚያስፈልግህ። አንዱ ባስ የሚባለው ነው። ሚሞሪውና ቺፑ የሚገናኙበት መንገድ ስፋት ማለት ነው፤ በቢት ይለካል። ሌላው በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ የሚያልፈው ጊጋቢት ነው። ባሱን ለ8 አካፍለህ በፍጥነቱ ታባዛለህ። ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ 64 ቢት ዲዲአር3 ጂቲ 730 ከ750 ቲአይ ጋር ሲነጻጸር እንዲህ ይወጣል፦

```
GT 730      64 ÷ 8 × 1.8 = 14.4 GB/s
GTX 750 Ti  128 ÷ 8 × 5.4 = 86.4 GB/s
```

ልክ ስድስት እጥፍ። የሚሞሪው ዓይነትም የተለያየ ነው። የአንተው ካርድ ለኮምፒውተር ራም የተሠራውን ዲዲአር3 ይጠቀማል። 750 ቲአይ ለግራፊክስ ተብሎ የተሠራ ጂዲዲአር5 አለው። እንዲያውም አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ኮምፒውተርህ ላይ ሁለት ራም በትክክለኛው ቦታ ተሰክተው 1600 ላይ የሚሠሩ ከሆነ የራሙ ባንድዊድዝ 25.6 ጊጋባይት በሰከንድ ነው። ከግራፊክስ ካርድህ ሚሞሪ ይበልጣል ማለት ነው። በእርግጥ ያንን ራም ፕሮሰሰሩም ይጋራዋል።

አሁን ወደ ሥራህ እናምጣው። ሪዞልቭ ከለር ሲሠራ እያንዳንዱን ፒክስል በ32 ቢት ቁጥር ያስተናግዳል። አንድ ፒክስል በአራት ቻናል 16 ባይት ይሆናል። ፉል ኤችዲ ፍሬም 1920 በ1080 ነው፤ ስለዚህ አንዱ ፍሬም ወደ 33 ሜጋባይት ይመጣል። አንድ ማስተካከያ ሲያልፍበት ፍሬሙ ይነበባል፣ ተስተካክሎ መልሶ ይጻፋል። ይህ 66 ሜጋ ነው። ኖዶችህ፣ ሉቱ፣ ብለሩ፣ ሻርፑ ተደማምረው 20 ጊዜ ቢያመላልሱት፣ አንድ ፍሬም ብቻውን 1.3 ጊጋባይት ገደማ ያንቀሳቅሳል። በሰከንድ 25 ፍሬም ስታጫውት 33 ጊጋባይት ይሆናል።

የአንተ ካርድ ከ14.4 አያልፍም። 25 ፍሬም የነበረው ወደ 11 ይወርዳል። የምታየው መንቀራፈፍ ይሄ ነው። 750 ቲአይ ግን በዚሁ ስሌት እስከ 65 ፍሬም የሚሆን መንገድ አለው። ስሌቱ ሻካራ መሆኑን እወቅ። ሶፍትዌሩ አንዳንዱን እርምጃ ያዋህዳል፣ ቺፑም ካሽ የሚባል ትንሽ የራሱ ማከማቻ በውስጡ አለው። የቺፑ ጉልበትም ይለያያል፤ 750 ቲአይ 640 ኮር ሲኖረው ያንተው 384 ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከሚሞሪው የመጣ ነው አልልህም።

የሚሞሪውን ድርሻ ለብቻው ማየት ከፈለግህ ጂቲ 1030ን ተመልከት። በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር5 ነበር፤ ባንድዊድዙ 48 ጊጋባይት በሰከንድ። በ2018 በዚያው ስም ዲዲአር4 የሆነ ሌላ መጣ፤ እሱ 16.8 ነው። ሁለቱም 2 ጊጋ፣ ሁለቱም 384 ኮር፣ ሁለቱም ባለ 64 ቢት። ጌም ላይ ግን ዲዲአር4ቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ፍሬም ነው የሚሰጠው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ስቲከሩን ካላነበብክ አትለያቸውም። ይሄ ለእኔ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

እሺ፣ ችግሩ ባንድዊድዝ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ሪዞልቭን ከፍተህ የሚንቀራፈፈውን ክሊፕ አጫውት። መጀመሪያ `Shift+D` ተጫን። ይህ የከለር ሥራህን ሁሉ ለጊዜው ያጠፋዋል። ከለሩ ጠፍቶም ከተቆራረጠ ካርዱን አትውቀሰው። ነጻው ሪዞልቭ ዊንዶውስ ላይ የካሜራህን ኤች264 ቪዲዮ የሚፈታው በፕሮሰሰሩ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩው 100 አካባቢ ተሰቅሎ ታየዋለህ። የዚህ መድኃኒቱ ካርድ አይደለም። ክሊፑን በቀኝ ክሊክ ነክተህ `Generate Optimized Media` በለው፤ ሥራህን በዚያ ትሠራለህ።

ከለሩ ሲጠፋ ጥሩ ሄዶ ሲበራ ከተንቀራፈፈ፣ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ክፈት። `Sensors` የሚለው ውስጥ ሁለት መስመር ተመልከት። `Memory Controller Load` 90 እና ከዚያ በላይ ተሰቅሎ፣ `Memory Used` ግን ከ4 ጊጋው ገና ግማሹን ያልሞላ ከሆነ፣ ቦታ ሞልቶ ተርፏል፤ የጠበበው በሩ ነው። ተቃራኒውን ካየህ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሚሞሪው ሞልቶ፣ ታስክ ማናጀር ላይ `Shared GPU memory` ማደግ ከጀመረ ዳታው ወደ ኮምፒውተሩ ራም እየፈሰሰ ነው። ያኔ ያነሰህ ጊጋው ነው። ፉል ኤችዲ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ግን ይህን ታያለህ ብዬ አልጠብቅም።

እዚህ ላይ ግን 2 ጊጋ ማነሱ መቼም አይሰማህም ብዬ አልዋሽህም። ከላይ ባየነው መጠን 2 ጊጋ ውስጥ 60 ገደማ ፉል ኤችዲ ፍሬም ይገባል። ዊንዶውሱም ከዚያው ላይ ይወስዳል፤ ቢሆንም ይበቃሃል። ፎርኬ ስትሠራ ግን አንዱ ፍሬም አራት እጥፍ ያድጋል፤ 133 ሜጋ ይሆናል። 15 ብቻ ነው የሚገባው። በዚያ ላይ ሙሽሪት ስትገባ ስሎ ሞሽን በኦፕቲካል ፍሎው ካደረግክ፣ አጎራባች ፍሬሞችንም አብሮ መያዝ አለበት። ወዲያው `Your GPU memory is full` ይልሃል። ይህ ጽሑፍ ሲመጣ ባንድዊድዝ አያድንህም። በሩ ሰፊ ነው፣ ግን ወንበር አልቋል። ታይምላይንህን በፉል ኤችዲ አድርገህ መሥራት አለብህ፤ ካሜራው ፎርኬ ቢቀርጽም ችግር የለውም።

ፎርኬ አስረክቡ የሚሉህ ደንበኞች ካሉህ 750 ቲአይን ዝለለው። ባለሱቁን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋ ጠይቀው። እሱ 128 ቢት ነው፣ 112 ጊጋባይት በሰከንድ። ጊጋውም ፍጥነቱም አለው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኔ ግን እሱን ለማግኘት ትንሽ እቆያለሁ እንጂ ሁለት ጊዜ ካርድ አልቀይርም።

በነገራችን ላይ ባንድዊድዝን የምታወዳድረው በአንድ ዘመን ከወጡ ካርዶች መካከል ሲሆን ነው የሚያስኬድህ። አርቲኤክስ 4060 ባንድዊድዙ 272 ነው፤ ቀደም ብሎ የወጣው ባለ 12 ጊጋ 3060 ደግሞ 360። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ጌም ላይ 4060 ይቀድማል። ቺፑ ውስጥ 24 ሜጋ ካሽ ስላለው ወደ ሚሞሪ የሚሄደው ያነሰ ነው፤ 3060 ያለው 3 ሜጋ ብቻ ነው። ሥራው ከ8 ጊጋ ሲያልፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 12 ጊጋው ይረታል።

ለመቀየር ስትሄድ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ካርዱ እዚያው ተሰክቶ፣ ድራይቨር ተጭኖ ይታይልህ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ማለት አለበት፦

```
Memory Type   GDDR5
Bus Width     128 bit
Memory Size   2048 MB
Bandwidth     86.4 GB/s
```

ፋብሪካው ፍጥነቱን ከፍ ያደረገው ካርድ ከሆነ ባንድዊድዙ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል፤ ምንም አይደለም። ስሙ ፊት `[FAKE]` የሚል ካየህ ግን ንካው እንዳትል። የድሮ ቺፕ ነው፣ ስሙን በሶፍትዌር የቀየሩት። ባለሱቁም ሳያውቅ ገዝቶት ሊሆን ይችላልና ጠብ አታንሳ፤ ሌላ አምጣልኝ በለው።

ከመሄድህ በፊት ኬዝህን ክፈትና ቁመቱን ተመልከት። ከቢሮ የሚወጡት ብዙዎቹ ቀጭን ናቸው፤ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አይገባባቸውም። 750 ቲአይ የሚወስደው 60 ዋት ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ደግሞ 75 ይሰጣል። ስለዚህ ተጨማሪ የፓወር ገመድ የማይፈልገውን ምረጥ። አንዳንዱ ባለ ስድስት ፒን ማስገቢያ አለው፤ የአንተ ፓወር ሰፕላይ ያ ገመድ ላይኖረው ይችላል።