ጥያቄና መልስ፦ ጎድን ሲመታ እንዴት ይተነፈሳል? እንዴትስ ይሳላል?

መልስ የሚሰጠው ባሕር ዳር የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ጣና ዳር ከጀልባ ሲወርድ አዳልጦት በቀኝ ጎኑ ጠርዙ ላይ ወደቀ። ራጁ ላይ አንድ ጎድን ተሰንጥቋል። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳል ሲመጣበት ያፍነዋል፤ ደረቱ ግን በአክታ ያንኮራፋል።

መልስ፦ ስንጥቁ ራሱ ይድናል፤ ብዙ ጊዜ 6 ሳምንት ግድም ይፈጃል። የሚያሳስበኝ ሳሉን ማፈኑ ነው። እያመመው በአጭር በአጭሩ ሲተነፍስ አየር ወደ ሳንባው ታች አይደርስም። አክታው እዚያው ይቀራል። የሳንባ ምች የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የታዘዘለትን ማስታገሻ በሰዓቱ ይዋጥ፤ ሕመሙ እስኪብስ አይጠብቅ። መድኃኒቱ ሲሠራለት ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ በሁለት እጁ አቅፎ የተመታው ላይ ይያዝ። በአፍንጫው ቀስ ብሎ የቻለውን ያህል አየር ይሳብ፣ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይያዝ፣ ቀስ ብሎ ያውጣ። 10 ጊዜ፣ ነቅቶ እስካለ ድረስ በየሰዓቱ። ራሱን ካዞረው ይረፍ።

ከዚያ ትንሽ ጎንበስ ይበል። አፉን ከፍቶ፣ መስታወት ላይ እንፋሎት እንደሚተነፍስ ሰው፣ «ሃ» እያለ ሁለት ሦስቴ በኃይል ያስወጣ። አክታው ከፍ ሲል ትራሱን ጠበቅ አድርጎ አንዴ ይሳል።

ዕድሜውን ሳይ፣ አክታውም ስላለ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ደረቱን ያዳምጠው። ትኩሳት ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደም ከተፋ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰደው።

ጥያቄ፦ በነጠላ ጥብቅ አድርጎ ማሰርስ?

መልስ፦ አይታሰርም።

አንድ አባል፦ እኔን ወጌሻ አስሮኝ እፎይ ብያለሁ። እንዴት አይታሰርም ትላለህ?

ሌላ አባል፦ ትራሱም ነጠላውም ድጋፍ ናቸው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ትራሱን ስትስል ትይዘዋለህ፣ ሲያልፍ ትለቀዋለህ። የታሰረ ደረት ግን ቀኑን ሙሉ አይሰፋም። እፎይ ማለትህን አልክድም፤ ሕመሙ የሚቀንሰው ግን በደንብ ስለማትተነፍስ ነው።

አንድ አባል፦ እኔ ግን ድኛለሁ።

ጥያቄ፦ ደረቴን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወድቀሃል? መቼ? የቱ ጋ? ሳትወድቅ ከሆነ የጀመረህ እዚህ አትጠይቅ፤ ቶሎ ታይ።

ጥያቄ፦ ራጁ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ስስቅ ግን ይወጋኛል። ልድገመው?

መልስ፦ ትንሽ ስንጥቅ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ታየም አልታየም አያያዙ ያው ነው። የተመታኸው ግራ ጎንህ ከታች በኩል ሆኖ ሆድህን ወይም ግራ ትከሻህን ካመመህ ግን ጣፊያህ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ አትዋል አትደር።

ጥያቄ፦ በየትኛው ጎን ልተኛ?

አንድ አባል፦ በተመታው ጎን፤ ጤነኛው በደንብ እንዲተነፍስ።

ሌላ አባል፦ እኔ በተመታው ተኝቼ ሌሊቱን ሙሉ ስቃትት አደርኩ።

መልስ፦ ሰሞኑን ትራስ ደራርበህ ከፍ ብለህ ተኛ። ከዚያ የተመቸህን።

ጥያቄ፦ ላላ አድርጎ ማሰርስ?

መልስ፦ ላላም አይታሰርም። ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብብ።