ስፕሪንግን ከእውነተኛ ስብራት በቮልዩም መለየት

ጥያቄ፦ «ዋጋው ከሬንጁ ወለል በታች ሲወርድ ስፕሪንግ መሆኑን በምን ልወቅ? ቮልዩሙ ከፍ ያለ መሆን አለበት ወይስ ዝቅ ያለ?»

ወንድሜ፣ ስፕሪንግ ማለት ዋጋው ከሬንጁ ወለል በታች ለአጭር ጊዜ ወርዶ፣ ተመልሶ ከወለሉ በላይ ሲዘጋ ነው። ቮልዩሙ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቮልዩሙ የሚነበበው ለብቻው ሳይሆን በዚያው ሬንጅ ውስጥ ቀደም ሲል ከታየው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለማስረዳት ያህል በወሰድኳቸው ቁጥሮች ላሳይዎት። ለረጅም ጊዜ የወረደ አንድ አክሲዮን 40 ዶላር ሲደርስ በአንድ ቀን 9 ሚሊዮን ድርሻ ተሸጦ ወደ 46 አገገመ እንበል። ወለሉና ጣሪያው እነዚህ ናቸው። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደ 40 በተጠጋ ቁጥር ቮልዩሙ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 3 ሚሊዮን እየሆነ ከቀነሰ፣ የሚሸጥ ሰው እያለቀ ነው፤ ትልልቅ ገዢዎች በዝግታ የሚሰበስቡበትን አኩሙሌሽን የሚያስጠረጥረውም ይህ ነው። በመጨረሻ 39.40 ነክቶ፣ በ2.5 ሚሊዮን ቮልዩም 40.60 ላይ ቢዘጋ፣ ከወለሉ በታች የተደረደሩት ስቶፕ ሎሶች ተነክተው እንኳ አዲስ ሻጭ አልመጣም ማለት ነው።

ያው ካንድል በ7 ሚሊዮን ቢዘጋስ? ትልቅ ገዢ የቀረበውን ሁሉ ሰብስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ገበያው ውስጥ ገና ብዙ ሻጭ እንደነበረ ስለሚያሳይ እኔ ወዲያው አልገባም። ዋጋው ወደ 40.20 አካባቢ ተመልሶ፣ በጠባብ ካንድልና በግልጽ ባነሰ ቮልዩም ሲቆም ብቻ እገዛለሁ። በአንጻሩ 38.50 ላይ በ8 ሚሊዮን ዘግቶ፣ ወደ 40 ሲመለስ ቮልዩሙ ከደረቀ፣ ወለሉ በእርግጥ ተሰብሯል።

ዋጋው ከጣሪያው በላይ ወጥቶ የሚመለስበት አፕትረስት የስፕሪንግ ግልባጭ ቢመስልም በቮልዩም በኩል ልዩነት አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው በከፍተኛ ቮልዩም ነው። ከረጅም ጭማሪ በኋላ በተፈጠረ ተመሳሳይ ሬንጅ ዋጋው 46.80 ነክቶ በ8 ሚሊዮን 45.40 ላይ ቢዘጋ፣ ያ ሁሉ ግዢ ዋጋውን ከጣሪያው በላይ ማቆየት ያልቻለው ትልልቆቹ ለተሯሯጠው ገዢ ስለሸጡለት ነው። የትልልቆቹ ሽያጭ፣ ማለትም ዲስትሪቢውሽን፣ መሆኑ የሚጠናከረው ቀጣዩ ጭማሪ ቮልዩም አጥቶ 46 ሳይደርስ ሲመለስ፣ ቅናሹ ደግሞ ቮልዩም እየጨመረ ሲሄድ ነው።

የኒውዮርክ ገበያ የሚዘጋው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 5 ወይም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለሆነ፣ እዚህ ለገጣፎ ሆኜ የዕለቱን ካንድል የማነበው ጠዋት ነው፤ ሳይዘጋ ስፕሪንግ ብሎ መጥራት አይቻልምና ምንም አይቀርብኝም።

የሚነግዱት ወርቅን በዶላር፣ ማለትም XAUUSD ከሆነ ደግሞ ሜታትሬደር ላይ የሚያዩት ቮልዩም የዋጋ ለውጦች ቆጠራ እንጂ የተገበያየው መጠን አይደለም። ስለዚህ የለንደንን ሰዓት ከለንደን ሰዓት ጋር ብቻ ያነጻጽሩ፤ የእስያን ጸጥታ እንደ ሻጭ ማለቅ አይቁጠሩት። የሚቻልዎት ከሆነ የኮሜክስን የወርቅ ፊውቸርስ ቮልዩም ጎን ለጎን ይክፈቱ።