ብሎኬት፣ ድንጋይ ወይስ የተጠቀጠቀ አፈር? መጀመሪያ ቀና ብለህ ጣራህን እይ

«ሰላም ጋሼ፣ ጅማ ቦሳ ኪቶ ነኝ። ቤቴ ባለ 15 ብሎኬት ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ያፍናል፣ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት አልጋው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ማታ ከሰል አቀጣጥለን እናስገባለን። ግድግዳው ከታች ልስኑ ይላጣል፣ ግንበኛ ሁለቴ በሲሚንቶ ደገመበት። አሁን 4 በ4 መኝታ ቤት ልጨምር ነው፣ ብሎኬቱን ትቼ በድንጋይ ወይ በተጠቀጠቀ አፈር ልስራው? የቱ ይረክሳል?»

ከሁሉ በፊት ያ ከሰል ዛሬ ማታ ቤት እንዳይገባ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ንጹህ ይመስላል እንጂ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

ወደ ቤቱ ስንመጣ እኔ የምጠረጥረው ግድግዳህን ሳይሆን ጣራህን ነው። ያጋለጠው ሰዓቱ ነው። ሙቀት ግድግዳን ወዲያው አያልፍም፣ ከውጭ ፀሐይ ሲመታው መጀመሪያ የውጩን ቆዳ ያሞቃል፣ ከዛ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳው በወፈረና በከበደ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል። ባለ 15 ብሎኬት አራት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል፣ ባለ 20 አምስት ስድስት ሰዓት፣ 40 ሴንቲ የተጠቀጠቀ አፈር ግን ከአስር እስከ አስራ ሁለት ሰዓት፣ 50 ሴንቲ ድንጋይም ከዚያ አይርቅም። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳህን ፀሐይ ክፉኛ የምትመታው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው እንበል፣ በብሎኬትህ በኩል ሙቀቱ ውስጥ የሚደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ አፈር ቢሆን ኖሮ ሌሊት 8 እና 10 ሰዓት መካከል፣ ማለትም ብርዱ በሚበረታበት ሰዓት ይደርስልህ ነበር። በጋ ላይ ጅማ ቀን 27፣ 28 ዲግሪ ደርሶ ሌሊት ወደ 11 ስለሚወርድ ከባድ ግድግዳ ሁለቱን አቻችሎ መሃል ላይ፣ 19 እና 20 አካባቢ ይቆማል፣ ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። ግን ልብ በል፣ ማቆየት እንጂ መከልከል አይደለም። ክረምት ላይ ደመናው ሳምንት ሲከርም ግድግዳው የሚያጠራቅመው ሙቀት የለም፣ ድንጋይማ ያኔ ከነካኸው እጅህን ነው የሚያቀዘቅዘው።

እንግዲህ አንተ ጋ ሙቀቱ ገና በ5 ሰዓት ገባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ወዲያው ወጣ። በየትኛውም ግድግዳ ይህን ያህል አይፈጥንም፣ እንዲህ የሚፈጥነው ቆርቆሮ ነው። ውሃው ደግሞ ዝናብ አይመስለኝም፣ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ከውጭው አየር በታች ይቀዘቅዛል፣ የትንፋሻችሁና የማብሰያው እንፋሎት እሱ ላይ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። አሁን ገበያ ላይ ያለው 35 ጌጅ እያሉ የሚሸጡት ቆርቆሮ ደግሞ በእጅ ሲጫኑት የሚጎደጉድ ነው፣ ለምን እንደሚገዛ አይገባኝም።

ለማረጋገጥ ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ቁም፣ አንዱን እጅህን ከቆርቆሮው ስር አንድ ስንዝር አርቀህ ያዝ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርግ። ላይኛው እጅህ ከተለበለበና ግድግዳው ቀዝቃዛ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ኮርኒስ ምታ፣ በችፑድ ይሁን በሌላ፣ ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቀው፣ አየር እንዲወጣ በሁለቱ ጫፍ ቀዳዳ ተው። የቡና ገለፈት በላዩ የሚሞሉ አሉ፣ አታድርገው፣ አይጥ ይራባበታል፣ የመብራት ሽቦ ካለ ደግሞ እሳት ነው።

ከታች የሚላጠው ልስን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። ያ ግንበኛ በሲሚንቶ ሁለቴ የደገመው ውሃውን ውስጥ ዘጋበት እንጂ አላደረቀውም። የተላጠውን ሁሉ አንሳ፣ ውጭ ያለውን አፈር ከቤቱ ወለል 20 ሴንቲ ዝቅ አድርግ፣ ከአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ አርቀህ ምራ፣ በጋ ላይ በደንብ ከደረቀ በኋላ ለስነው።

አሁን አዲሱ ክፍል። ዋጋው ዛሬና ነገ ስለሚለያይ በሲሚንቶ ልቁጠርልህ። ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ሴንቲ የድንጋይ ግንብ ማልታው ብቻ ከአንድ ከረጢት ይበልጣል፣ ከግማሽ ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ አለ፣ የጠራቢው እጅም አለ። ባለ 20 ብሎኬት በካሬ 13 ፍሬ ይፈጃል፣ ብሎኬቱ ውስጥ ያለውን፣ ማልታውንና የሁለቱን በኩል ልስን ደምረህ አንድ ከረጢት ገደማ ይሆናል። አፈር ነፃ ነው የሚሉህ ደግሞ ግማሹን ነው የሚነግሩህ፣ የ40 ሴንቲ ግድግዳ አንድ ካሬ ወደ 800 ኪሎ አፈር ነው፣ ለጅማ ዝናብ እንዲያስተማምን ስድስት ከመቶ ሲሚንቶ ከቀላቀልክበት 48 ኪሎ ነው፣ ያው አንድ ከረጢት። ካልቀላቀልክ ይረክሳል፣ ግን ያኔ ግንቡ ከመሬት ግማሽ ሜትር የድንጋይ መሰረት፣ ጣራውም ቢያንስ 80 ሴንቲ ወጣ ያለ ክዳን ይፈልጋል።

ሰው የማይቆጥረው ሌላ ወጪ ቦታ ነው። ከውጭ 4 በ4 ብለህ ብትሰራ በ20 ብሎኬት ውስጡ 13 ካሬ ገደማ ይተርፍሃል፣ በአፈር 10 ካሬ፣ በድንጋይ 9 ካሬ። ሁለት አልጋ ላሰበ ሰው ትልቅ ልዩነት ነው። ክብደቱም አለ፣ ሶስት ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ በአንድ ሜትር ርዝመት ሶስት ቶን ተኩል አካባቢ ይጫናል፣ ጓሮህ ጥቁር መሬት ከሆነ፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቀው ዓይነት፣ ግንቡን በመጀመሪያው ክረምት ይተረትረዋል። እዛ መሬት ላይ ድንጋይ አልመክርህም።

አፈሩን ከመረጥክ የጅማ ቀይ አፈር እንዳለ አይሆንም፣ ሸክላው ይበዛበታል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ መጨመር አለብህ። እርጥበቱን እንዲህ ትለካዋለህ፣ በእጅህ ጨብጠህ ኳስ አድርገው፣ ከትከሻህ ከፍታ ልቀቀው። አንድ ላይ ከቀረ ውሃ በዝቷል፣ ዱቄት ከሆነ ደርቋል፣ አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። በካሳፎርማ ውስጥ 15 ሴንቲ እየጨመርክ ወደ 10 እስኪወርድና የመጠቅጠቂያው ድምፅ ጥርት እስኪል ምታው። ስራው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፣ ካለፈ ዝናቡ ይቀድምሃል።

እኔ ብሆን በ20 ብሎኬት እሰራዋለሁ፣ ከላይ ታይ ቢም አስሬ፣ ኮርኒስ ከመጀመሪያው መትቼ። አፈሩን ቦታና ጉልበት ካለህ በምዕራብ በኩል ላለው ግድግዳ ብቻ አስብበት። ብሎኬቱን ስትገዛ ጠርዙን በጥፍርህ ፋቀው፣ ከተፈረፈረ መልስለት፣ ሁለት ቀን እንኳ ውሃ ሳይጠጣ ነው የሚጭኑልህ። ሁለቱን አጋጭተህ ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠውን ውሰድ።

ኮርኒሱ እስኪመታ ድረስ ብርዱን በብርድ ልብስ ቻሉት። ከሰሉን ውጭ ተውት፣ ልጆች ያሉበት ክፍል ደግሞ በጭራሽ፣ መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጌ ነው አትበለኝ።